በእጅ የተሞላ የወር ወጪ ሠንጠረዥን ወደ ኤክሴል መገልበጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምንሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከከተማውም ከኮምቦልቻም የወጪ ደብተር ይመጣልናል። የምግብ ቤት፣ የእድር፣ የሱቅና የቤት ወጪ ደብተሮች ናቸው። ባለቤቶቹ የሚጠይቁን ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ ሰብስበናል። ለማሳያ የምንጠቀመው የአንድ አነስተኛ የኮምቦልቻ ምግብ ቤት የጥቅምት 2017 ዓ.ም. የወጪ ገጽ ነው፤ ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው። ገጹ ስምንት ዓምዶች አሉት፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የወጪው ዝርዝር፣ ብዛት፣ ያንዱ ዋጋ፣ ብር፣ ሣንቲምና ምርመራ።

ስካኑን ሰጥቼ ኮምፒውተሩ ራሱ ሠንጠረዥ አያደርግልኝም?

በእጅ ለተጻፈ አማርኛ እንዲህ ባለው አቋራጭ አይተማመኑ። ለምሳሌ ቴሰራክት የተባለው ነጻ የጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራም `amh` የሚል የአማርኛ ፋይል አለው፤ የተዘጋጀው ግን ለታተመ ፊደል ነው። የእጅ ጽሑፍ ሲሰጡት የሚመልሰው የተሰባበረ ፊደል ነው።

ቁጥሮቹን ብቻ ለማስነበብ የሚሞክሩም አሉ። እዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ገጹ ትንሽ ዘንበል ካለ ፕሮግራሙ የ7ኛውን መስመር ዝርዝር ከ8ኛው መስመር ዋጋ ጋር ያጋጥማል፤ ባዶ ሳጥን ሲያገኝም ዘሎት ቀጣዩን ቁጥር ወደ ግራ ይስበዋል። እያንዳንዱ ቁጥር በትክክል ተነብቦ ቦታው ግን የሌላ ይሆናል ማለት ነው። ይህን አንድ በአንድ ማረም ከባዶ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ስካኑን በስክሪኑ ግማሽ፣ ኤክሴልን በሌላው ግማሽ ከፍተው በእጅ መጻፍ ይሻላል።

ስካኑ ምን ዓይነት ይሁን?

በ300 ዲ.ፒ.አይ. እና በግራጫ ወይም በቀለም ይሁን። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚለውን ምርጫ ይተዉት፤ የፈዘዘ እስክሪብቶ ይጠፋበታል፣ የዘይት ጠብታም ጥቁር ነጥብ ሆኖ 1250ን 125.0 ያስመስለዋል። በቀለም ስካን ላይ በሰማያዊ የተጻፈውን ኋላ በቀይ ከተስተካከለው መለየት ይቻላል። ይህም የትኛው ቁጥር የመጨረሻው እንደሆነ ለማወቅ ይረዳል።

በስልክ ፎቶ የሚያነሡ ከሆነ ደብተሩን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተው ከላይ ቀጥ አድርገው ያንሡ። ደሴ ጉም የለበሰች ዕለት መስኮት አጠገብ የሚገኘው ብርሃን ለዚህ በጣም ይመቻል፤ የእጅዎ ጥላ ገጹ ላይ ጎልቶ አይወድቅም። የደብተሩ መሐል መታጠፊያ ዘንድ ያለው ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የሣንቲም ወይም የምርመራ ዓምድ ስለሆነ ፎቶው እዚያ ድረስ እንደሚነበብ አጉልተው ይመልከቱ።

ዓምዶቹን ደብተሩ ላይ እንዳሉ ልገልብጣቸው?

እነሱን ይያዙ፣ ነገር ግን ሁለት ዓምዶች ከፊት ይጨምሩ፦ ገጽና መስመር። መስመር ማለት ደብተሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር ጽሑፉ ያረፈበት የሕትመት መስመር ነው። ባለቤቱ የጻፉት ተራ ቁጥር ይህን አይተካም፤ እሱ ሊደገም ወይም ሊዘለል ይችላል፣ የታተመው መስመር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ቁጥር ቢያጠራጥርዎ ወረቀቱ ላይ የት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ።

ተራ ቁጥሩን እንተወዋለን፣ ቀኑን ለሦስት እንከፍላለን (ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል)፣ ጠቅላላና ዓይነት የሚሉ ዓምዶች እንጨምራለን። የምሳሌያችን መጀመሪያ ይህን ይመስላል፤ ገና ያልተሞሉትን ጠቅላላ፣ ዓይነትና ምርመራ እዚህ አላሳየናቸውም።

| ገጽ | መስመር | ቀን | ወር | ዓ.ም. | ዝርዝር | ብዛት | ያንዱ ዋጋ | ብር | ሣንቲም |
|---|---|---|---|---|---|---|---|---|---|
| 1 | 1 | 3 | 2 | 2017 | ከሰል በጆንያ | 2 | 450 | 900 | 0 |
| 1 | 2 | 3 | 2 | 2017 | ቀይ ሽንኩርት በኪሎ | 10 | 65 | 650 | 0 |
| 1 | 3 | 3 | 2 | 2017 | በርበሬ ከነማስፈጫውና ከነማመላለሻው | | | 2,340 | 0 |
| 1 | 5 | 4 | 2 | 2017 | ፎቶ ኮፒ | | | 12 | 50 |

የመጀመሪያው ዓምድ ኤክሴል ላይ `A`፣ የመጨረሻው `J` ነው። `K` ላይ ጠቅላላ፣ `L` ላይ ዓይነት፣ `M` ላይ ምርመራ ይቀመጣሉ። ሳጥኖችን አጋጥሞ አንድ ማድረግን ጨርሶ አይጠቀሙ፤ ለዓይን ያምራል፣ ሲደረደርና ሲጣራ ግን ሠንጠረዡን ያበላሻል።

ቀኑን ስጽፍ ኤክሴል ለምን ይቀይርብኛል?

ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን የቀን አቆጣጠር ስለሆነ ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2017ን `12/2/2017` ብለው ሲጽፉ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተዘጋጀ ወርን ስለሚያስቀድም ዲሴምበር 2 ብሎ ይይዘዋል። ጥቅምት 13ን ሲጽፉ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስለዚህ እስከ 12 ያሉት ቀኖች በሳጥኑ ቀኝ በኩል፣ ከ13 ጀምሮ ያሉት በግራ በኩል ተደርድረው ካዩ ምን እንደተፈጠረ ይወቁ። በዚህ ሁኔታ በቀን ቅደም ተከተል ለመደርደር ቢሞክሩ ወሩ ለሁለት ይከፈላል።

የኮምፒውተሩን አቀማመጥ መቀየር አያድንም። ቀንን የሚያስቀድም አጻጻፍ ቢመርጡም ጥቅምት 30 `30/2/2017` ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን `5/13/2016` ብለው ቢጽፉ በአሜሪካው አቀማመጥ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሜይ 13 ይሆናል። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረትን በሦስት ዓምድ እንደ ተራ ቁጥር መጻፍ ነው። ጳጉሜን ወር 13 ይባላል። ሲደረደር በዓመት፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በቀን ይደረደራል፤ ማንም አይነካውም።

ብርና ሣንቲም የተለያየ ዓምድ ላይ ናቸው። አንድ ላይ ብጽፋቸውስ?

ሲገለብጡ እንዳሉ ለየብቻ ይጻፉ፣ ከዚያ `K2` ላይ በቀመር ይደምሩ።

```
=I2+J2/100
```

በተለይ ባለቤቱ ብርና ሣንቲምን በእዝባር ለይተው ከጻፉ ይጠንቀቁ። የፎቶ ኮፒው ወጪ 12/50፣ ማለትም 12 ብር ከ50 ሣንቲም ነው። ይህንኑ `12/50` ብለው ኤክሴል ላይ ከጻፉት ዲሴምበር 1950 ብሎ ይተረጉመዋል። ስክሪኑ ላይ `Dec-50` ይታያል፤ ድምሩ ውስጥ የሚገባው ግን የዚያ ቀን ውስጣዊ ቁጥር 18,598 ነው። የ12 ብር ወጪ ከ18 ሺህ ብር በላይ ሆኖ ይደመራል ማለት ነው። 350/00 የሚል ደግሞ ቀን ሊሆን ስለማይችል ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ ከብሩ ዓምድ ድምርም ይጎድላል። የብሩ ዓምድ ውስጥ ጽሑፍ ሆኖ የቀረ ነገር መኖሩን ለማወቅ እነዚህን ሁለት ቀመሮች ያነጻጽሩ።

```
=COUNT(I2:I23)
=COUNTA(I2:I23)
```

የመጀመሪያው ቁጥር የሆኑትን ብቻ፣ ሁለተኛው የተሞሉትን ሁሉ ይቆጥራል። ከተለያዩ ልዩነቱን ያህል ሳጥኖች ቁጥር መስለው ተቀምጠዋል።

አንድ ወጪ ሁለት መስመር ከያዘ፣ ሦስት ወጪ ደግሞ በአንድ ዋጋ ከታሰረስ?

ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ክፍያ አንድ ረድፍ። ምሳሌያችን ውስጥ የበርበሬው ዝርዝር ረዝሞ 3ኛውንና 4ኛውን መስመር ይዟል፤ ኤክሴል ላይ አንድ ረድፍ ሆኖ መስመር 3 ተባለ፣ ቀጣዩ ረድፍ መስመር 5 ነው። 4 አለመኖሩ ስህተት አይደለም።

ባለቤቷ ቲማቲም፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በሦስት መስመር ጽፈው በትልቅ ቅንፍ አስረው መሐሉ ላይ 480 ብለው ከሆነ፣ ሦስቱን በአንድ ረድፍ «ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት» ብለው ይጻፉና 480 ያስቀምጡ። ለሦስት አካፍሎ 160፣ 160፣ 160 ማድረግ ወረቀቱ ላይ የሌለ ዋጋ መፍጠር ነው።

የመድገሚያ ምልክቱንና ባዶ ሳጥኑንስ ምን ላድርግ?

ከላይ ያለው ይደገማል ለማለት የሚደረገው ባለ ሁለት ጭረት ምልክት ኤክሴል ላይ ትርጉም ስለሌለው ሙሉውን ቃል ይጻፉ። ቀን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ለዕለቱ የመጀመሪያ ወጪ ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ያሉት ባዶ ይሆናሉ። እነሱን በአንድ ጊዜ መሙላት ይቻላል፦ የቀን፣ የወርና የዓመት ዓምዶችን መርጠው `F5` ይጫኑ፣ `Special` ከዚያም `Blanks` የሚለውን ይምረጡ፣ `=` ጽፈው የላይ ቀስቱን አንዴ ይጫኑና በ`Ctrl+Enter` ያጽኑ። ሲጨርሱ ዓምዶቹን ቀድተው እንደ እሴት መልሰው ይለጥፉ፤ ያለዚያ ረድፎቹን ሲደረድሩ ቀኑ አብሮ ይዛባል።

ይህን ዘዴ በብር ዓምድ ላይ በፍጹም አይጠቀሙ። ባዶ ቀን ከላይ እንዳለው ማለት ነው፤ ባዶ ዋጋ ግን በዱቤ የተወሰደ፣ ያልተከፈለ ወይም የተረሳ ሊሆን ይችላል። ባዶውን ባዶ ይተዉት፣ ምርመራው ላይ «ዋጋ አልተጻፈም» ይበሉ።

የእኔ ድምር ከደብተሩ ድምር ጋር አልገጠመም። ከየት ልጀምር?

ልዩነቱን አስልተው ይጀምሩ። የምሳሌያችን ገጽ ግርጌ ላይ የተጻፈው ድምር 18,642.50 ነው። የተገለበጠው ደግሞ 18,912.50 አወጣ እንበል። ልዩነቱ 270 ነው። 270 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ይህ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ የመቀያየራቸው ምልክት ነው። 270 ደግሞ ሦስት ጊዜ 90 ስለሆነ የተቀያየሩት የመቶና የዐሥር ቤት አኃዞች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም 3 ነው። አሁን ገጹን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም፤ በእነዚህ ሁለት ቤቶች ውስጥ በ3 የሚለያዩ አኃዞች ያሏቸውን ቁጥሮች ብቻ ይመልከቱ። የዘይቱ ወጪ 1,520 ተብሎ ተገልብጧል፣ ደብተሩ 1,250 ይላል። ተገኘ።

አንድ ዜሮ ሲጨመርም ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል፦ 200 የነበረው 2,000 ሲሆን 1,800 ይበልጣል። ለ9 መካፈል ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በአጋጣሚም ሊካፈል ይችላል።

ለ9 ካልተካፈለ ልዩነቱ ራሱ ገጹ ላይ ዋጋ ሆኖ ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ። የእርስዎ ድምር ካነሰ ያ ረድፍ ተዘሏል፣ ከበለጠ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ይህም ካልሆነ ልዩነቱ 6፣ 60 ወይም 600 ሲሆን 1ን ከ7 ወይም 0ን ከ6 ማምታታትን፣ 5፣ 50 ወይም 500 ሲሆን 3ን ከ8 ወይም 4ን ከ9 ማምታታትን ይጠርጥሩ። ጸሐፊው 7ን በመሐሏ የሚሰርዙ መሆን አለመሆናቸውን ቀድመው ማየት ብዙ ያድናል።

ድምሩ ከደብተሩ ጋር እስከ ሣንቲሙ ገጠመ። ጨረስኩ ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉም በላይ ልንነግራችሁ የምንፈልገው ይህን ነው፦ የድምር መግጠም ቁጥሮቹ ሁሉ መግባታቸውን እንጂ በየረድፋቸው መቀመጣቸውን አያሳይም።

እንዲህ ይሆናል። ገልባጩ መጀመሪያ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ይጽፋል፣ ከዚያ ተመልሶ የብሩን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ይሞላል። ምሳሌያችን ውስጥ 9ኛው መስመር ላይ «ውሃ በጀሪካን» ተብሎ ዋጋው ባዶ ነው። ከሥሩ ባጃጅ 120፣ መብራት 1,380፣ ሁለት ጆንያ ከሰል 900፣ የረዳት ደመወዝ 3,000 ይላል። ገልባጩ ባዶዋን ሳያስተውል 120ን ውሃው ላይ ያስቀምጣል። ባጃጁ 1,380፣ መብራቱ 900፣ ከሰሉ 3,000 ይሆናል፤ እንዲህ እየተንሸራተተ ይወርድና የመጨረሻው ረድፍ ባዶ ይቀራል። ድምሩ ግን አንዲት ሣንቲም አልጎደለም፣ አልበዛም። ባለቤቷ በወሩ ለመብራት ምን ያህል እንደወጣ ሲጠይቁ የሚያገኙት የከሰሉን ዋጋ ነው።

ይህን የሚይዘው ብዛትና ያንዱ ዋጋ ናቸው። `N2` ላይ ይህን ጽፈው እስከ ታች ይሳቡት።

```
=IF(AND(G2<>"",H2<>""),ROUND(G2*H2-K2,2),"")
```

ትክክል የሆነ ረድፍ 0 ያወጣል። በተንሸራተተው ገጽ ላይ የከሰሉ ረድፍ 2 ጊዜ 450 ሲቀነስ 3,000፣ ማለትም -2100 ያሳያል። ያን ሲያዩ ያንን ረድፍ ብቻ አያርሙ፤ ወደ ላይ እየሄዱ ባዶ ዋጋ ወይም ሁለት መስመር የያዘ ዝርዝር እስኪያገኙ ይፈልጉ። መንሸራተቱ የጀመረው እዚያ ነው።

ብዛት የሌላቸውን እንደ ደመወዝና መብራት ያሉ ረድፎች ቀመር አይይዛቸውም፤ ለእነሱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከደብተሩ «መስመር 11፣ መብራት፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ» ብሎ ያነባል፣ ሌላው ስክሪኑን ይከተላል። መስመሩ፣ ስሙና ዋጋው ሦስቱም ይጠሩ፤ ዋጋ ብቻ ከተነበበ መንሸራተቱ አይሰማም። ከመጀመሪያውም በረድፍ እንጂ በዓምድ አይጻፉ። ኤክሴል ላይ በ`Tab` ወደ ጎን እየሄዱ መጨረሻ ላይ `Enter` ሲጫኑ ወደ ቀጣዩ ረድፍ መጀመሪያ ይመልስዎታል።

የደብተሩ ድምር ራሱ ስህተት ቢሆንስ?

ይሆናል። ሁለት ሰው አንብቦ ረድፎቹ ሁሉ ልክ ከሆኑና ድምሩ አሁንም በ100 ብር ከተለያየ የእጅ ድምሩ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ረድፍ ነካክተው አያስማሙት። ከሠንጠረዡ ውጭ፣ በሌላ ገጽ ላይ «በደብተሩ» እና «በስሌት» ብለው ሁለቱንም ጽፈው ለባለቤቱ ያሳዩ።

«ካለፈው ገጽ የዞረ» የሚለው ረድፍ ይገለበጣል?

ወጪ ስላልሆነ አይገለበጥም፤ ከገባ ያለፈው ገጽ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይደመራል። በየገጹ ግርጌ ያለው ድምርም እንዲሁ ነው። ለማመሳከሪያ ግን ይጠቅማሉ። የአንድ ገጽን ድምር ለብቻው ለማውጣት የገጽ ዓምዳችን ይበቃል።

```
=SUMIFS(K:K,A:A,1)
```

የማይነበብ ቁጥር ሲያጋጥመኝ ከድምሩ ቀንሼ ላውጣው?

ገጹ ላይ የማይነበበው አንድ ብቻ ከሆነና ሌላው ሁሉ ከተመሳከረ ማስላት ይቻላል፤ ምርመራው ላይ ግን «ከድምር የተሰላ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለት ከሆኑ አይቻልም። ባዶ ትተው ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የዕለቱን ገበያ ያስታውሱታል።

በዓይነት ስደምር ከፊሉ ወጪ ይጎድላል። ለምን?

የፊደል ጉዳይ ነው። እኛ ሥጋ እና ስጋን እኩል እናነባለን፣ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዕቃ እና እቃም እንዲሁ። `=SUMIF(L:L,"ሥጋ",K:K)` ብለው ሲደምሩ በ«ስ» የተጻፉት ሁሉ ይቀራሉ። ዝርዝሩን ባለቤቱ እንደጻፉት ይተዉ፤ የዓይነት ዓምዱን ግን በ`Data Validation` ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ያድርጉ። ለምግብ ቤት ከስምንት እስከ ዐሥር ዓይነት ይበቃል፦ እህል፣ አትክልት፣ ሥጋ፣ ዘይትና ቅመም፣ ማገዶ፣ ውሃና መብራት፣ ደመወዝ፣ ማጓጓዣ፣ ልዩ ልዩ።

ፋይሉን ለሒሳብ ባለሙያ ልኬ አማርኛው ተበላሽቶ ደረሰ። ምን ላድርግ?

ምናልባት የላኩት በተራ `CSV` አስቀምጠው ይሆናል። ያ ዓይነት ፋይል የግዕዝ ፊደልን አይዝም፤ ፊደሎቹ በጥያቄ ምልክት ይተካሉ፣ ከዚያ ፋይልም መልሶ ማግኘት አይቻልም። ዋናውን `.xlsx` ይላኩ፤ `CSV` የግድ ከተፈለገ ሲያስቀምጡ `CSV UTF-8` የሚለውን ይምረጡ። `CSV` ቀመሮችንም አይዝም፣ ውጤታቸውን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ የመቆጣጠሪያው `N` ዓምድ ሳይበላሽ እንዲቆይ ዋናው ፋይል እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።